ከ2 በላይ የሚወጣው ድምር

የሲኤችኤስኤች ሙከራ ከአንድ ምንጭ የተነሱ ሁለት ፎቶኖችን በሁለት ጣቢያዎች ለክቶ፣ መልሶቻቸው አስቀድመው ይዘውት ሊመጡ ከሚችሉት በላይ ይስማሙ እንደሆነ ይፈትሻል። ስለ እሱ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሳይብራራ የሚታለፈው የማዕዘኖቹ ነገር ነው። አንዱ ጣቢያ ብርሃንን በሚወዛወዝበት አቅጣጫ የሚለየውን ፖላራይዘር በ0 ወይም በ45 ዲግሪ፣ ሌላው በ22.5 ወይም በ67.5 ዲግሪ ያደርጋል ይባላል፤ ለምን እነዚህ ማዕዘኖች እንደተመረጡ ግን አይነገርም። እኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ተራውን ማብራሪያ እንሞክረው። ሁለት ፎቶኖች ከአንድ ምንጭ ሲነሱ አንድ ዓይነት ስውር አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ እንበል። ፎቶኑ የያዘው አቅጣጫ ከፖላራይዘሩ አቅጣጫ ያለው ልዩነት ከ45 ዲግሪ ካነሰ መልሱ +1፣ ከበለጠ ደግሞ −1 ነው። ሌላው ጣቢያ ምን እንደመረጠ ማወቅ አያስፈልገውም። አቅጣጫው ከጥንድ ወደ ጥንድ በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የሁለቱ መልሶች ብዜት አማካይ (E እንበለው) ፖላራይዘሮቹ ተመሳሳይ አቅጣጫ ሲይዙ 1፣ በ45 ዲግሪ ሲለያዩ 0፣ በ90 ዲግሪ ሲለያዩ −1 ይሆናል።

ኳንተም መካኒክስም በእነዚህ ሦስት ቦታዎች የሚሰጠው መልስ ያው ነው። በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። ልዩነቱ የሚታየው በመሃል ነው፦ የስውሩ አቅጣጫ ሞዴል ከ1 ወደ −1 ቀጥ ባለ መስመር ስለሚወርድ በ22.5 ዲግሪ ላይ 0.5 ይሰጣል፤ የኳንተሙ ግን የልዩነቱ እጥፍ ኮሳይን ስለሆነ 0.707 ላይ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው አራት የማዕዘን ጥንዶች ሦስቱ በ22.5 ዲግሪ፣ አንዱ በ67.5 ዲግሪ ይለያያሉ። 0ን a፣ 45ን a'፣ 22.5ን b፣ 67.5ን b' ብለን፣ የመጨረሻውን በመቀነስ ምልክት ይዘን አራቱን ስንደምር፦

```
S = E(a,b) − E(a,b') + E(a',b) + E(a',b')
```

ቀጥተኛው መስመር ልክ 2 ይሰጣል፤ ኮሳይኑ ደግሞ 2.83 ገደማ።

ሌላ ብልጥ ሞዴል ቢፈጠርስ? እ.ኤ.አ. በ1969 ጆን ክላውዘር፣ ማይክል ሆርን፣ አብነር ሺሞኒ እና ሪቻርድ ሆልት ያሳዩት ጥንዱ መልሱን ይዞ የሚነሳበት ምንም ዓይነት ሞዴል ቢመጣ ከ2 እንደማያልፍ ነው። ጥንዱ ለአራቱም ጥያቄዎች መልሱን ይዞ ከመጣ፣ አራት ቁጥሮች አሉ ማለት ነው፦ A፣ A'፣ B፣ B'፤ ሁሉም +1 ወይም −1። ድምሩን እንዲህ እንሰብስበው፦

```
A(B − B') + A'(B + B')
```

B እና B' እኩል ከሆኑ የመጀመሪያው ቅንፍ 0፣ ሁለተኛው +2 ወይም −2 ይሆናል። ከተለያዩ ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የሚያዋጣው +2 ወይም −2 ብቻ ስለሆነ አማካዩ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። እርግጥ በአንድ ጥንድ ላይ ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ነው የምንለካው፤ ክርክሩ የሚጸናው የማዕዘኑ ምርጫ ጥንዱ ከያዘው መልስ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ነው። የማዕዘኑ ምርጫ በዘፈቀደ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው።

ኳንተም መካኒክስ ይህን የሚያመልጠው ፎቶኖቹ እየተነጋገሩ ነው ብሎ አይደለም። B እና B' በአንድ ላይ የተወሰነ ዋጋ ያላቸው ቁጥሮች መሆናቸው ይቀርና የአቅጣጫ ቬክተሮችን ሥርዓት ይከተላሉ። ማዕዘኑን በእጥፍ አድርገን ስንስል (ፖላራይዜሽን በ180 ዲግሪ ወደ ራሱ ስለሚመለስ) b እና b' እርስ በርስ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ርዝመታቸው 1 የሆነ ሁለት ቬክተሮች ናቸው። ልዩነታቸውም ድምራቸውም እያንዳንዳቸው √2 ርዝመት አላቸው። በቁጥሮቹ ጊዜ አንዱ ቅንፍ 2 ሲሆን ሌላው የግድ ይጠፋ ነበር፤ እዚህ ሁለቱም አሉ። a በልዩነቱ አቅጣጫ፣ a' በድምሩ አቅጣጫ ከተቀመጡ የምናገኘው √2 + √2 = 2√2 ነው። 22.5 ዲግሪ የመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያስ በላይ? በኳንተም መካኒክስ መለኪያን የሚወክለው ኦፐሬተር የሚባል ሒሳባዊ ነገር ነው፤ ድምሩን እንደ ኦፐሬተር (C) ወስደን ራሱን በራሱ ብናባዛው፦

```
C² = 4 + [A,A'][B,B']
```

ይሆናል፤ [A,A'] ማለት AA' − A'A ነው። ቅደም ተከተላቸው ቢቀያየር ለውጥ የማያመጡ መለኪያዎች ከሆኑ ሁለተኛው ክፍል ይጠፋና ወደ 2 እንመለሳለን። የእያንዳንዱ ቅንፍ ትልቁ መጠን 2 ስለሆነ ደግሞ C² ከ8 አያልፍም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980 ቦሪስ ጺሬልሰን ያገኘው ጣሪያ ነው። ለእኔ ይህች አንዲት መስመር ከብዙ ገጽ ፍልስፍና ትበልጣለች።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። በእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ዲቴክተር አለ፤ ለአንድ የማዕዘን ጥንድ አራት የጥምር ቆጠራ ይወጣል። ለምሳሌ በ0 እና በ22.5 ዲግሪ 1000 ጥንድ ተቆጥሮ፣ ሁለቱም + የሆኑት 420፣ ሁለቱም − የሆኑት 415፣ የተለያዩት 80 እና 85 ይሁኑ። E = (835 − 165)/1000 = 0.67። የቀሩት ሦስት ጥንዶች −0.66፣ 0.65 እና 0.66 ቢሰጡ S = 2.64 ነው። የእያንዳንዱ E ስታቲስቲካዊ ስህተት የ(1 − E²)/N ካሬ ሥር፣ ማለትም 0.024 ገደማ ነው፤ የ S ስህተት የዚያ እጥፍ፣ 0.05 አካባቢ። ከ2 ያለው ርቀት 13 ያህል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ቆጠራው ሳይሆን ፌዙ፣ ማለትም ሞገዱ በውዝዋዜው ዑደት ላይ ያለበት ቦታ ነው። ጥንዱ የሁለት አማራጮች ድምር ነው፦ ሁለቱም አግድም፣ ወይም ሁለቱም ቁልቁል። በሁለቱ መካከል φ የሚባል የፌዝ ልዩነት ከገባ በእነዚሁ ማዕዘኖች የሚገኘው S = √2(1 + cos φ) ነው። φ ከጥንድ ወደ ጥንድ እየዋለለ አማካዩ ከጠፋ 1.41 ላይ እንቀራለን። φ በትክክል 180 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ S ዜሮ ይሆናል፤ ፎቶኖቹ ፍጹም ተሳስረው ሳለ! ተንኮሉ በ0 እና በ90 ዲግሪ ስንፈትሽ ሁሉም ነገር ያማረ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ወደ S ከመሄድ በፊት ሁለቱንም ፖላራይዘሮች 45 ላይ አድርጎ፣ ከዚያ አንዱን ወደ 135 አዙሮ ቆጠራውን ማወዳደር ያስፈልጋል። በ45/45 ብዙ፣ በ45/135 ጥቂት ከተቆጠረ ፌዙ ደህና ነው። ከተገላበጠ φ 180 አካባቢ ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ግን ወይ φ 90 አካባቢ ነው፣ ወይም ፌዙ ጨርሶ ጠፍቷል። ለመለየት የፌዝ ማስተካከያውን ክሪስታል ቀስ በቀስ ማዘንበል ነው፤ ቆጠራው ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ ይስተካከላል፣ ካልነቃነቀው ምንጩ ራሱ መታየት አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። ብዙ ፎቶኖች ሳይቆጠሩ ከጠፉ፣ ስውሩ ሞዴል "በዚህ ማዕዘን አልመልስም" እያለ የቀሩትን መርጦ ከ2 በላይ ሊያሳይ ይችላል። ሙሉ በሙሉ በተሳሰረ ጥንድ ይህን በር ለመዝጋት የመቆጠር ብቃቱ ከ82.8 በመቶ ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1982 የአላን አስፔ ቡድን ሁለት መውጫ ባላቸው ፖላራይዘሮች 2.697 ± 0.015 ሲያገኝ የተቆጠሩት ከወጡት ጥቂቱ ነበሩ፤ የተቆጠሩት ያልተቆጠሩትን ይወክላሉ ብሎ ማመን ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በኔዘርላንድ ዴልፍት 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት የአልማዝ ናሙናዎች ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች የተደረገው ሙከራ የሰጠው 2.42 ± 0.20 ነው፤ በ245 ሙከራ ብቻ። ቁጥሩ ያንሳል፣ ስህተቱም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በገባው ሙከራ ሁሉ ኤሌክትሮኖቹ መልስ ስለሰጡ የሚጣል ውጤት አልነበረም።