ሱቄን መልሼ ስከፍት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችውን ሱቄን ለእድሳት 19 ቀን ዘግቻት ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ሆነ፣ መደርደሪያው ተቀየረ፣ የመብራት መስመሩም ተሠራ። ይሄ ገንዘብ እንጂ ብዙ ሐሳብ አልጠየቀኝም። ያስቸገረኝ የመክፈቻው ማስታወቂያ ነው።

ድሮ የምከፍተው 2 ሰዓት ላይ ነበር። ሠራተኞቹን ለመጠበቅ በማለዳ መጥቼ ደጃፉ ላይ ስቀመጥ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሰው ለሰርቪስና ለታክሲ ሲሮጥ አየሁ። እናቶች ለልጆቻቸው ምሳ ዕቃ ዳቦ ፍለጋ አስፋልቱን ተሻግረው ይሄዳሉ። ለካ እኔ ስከፍት የሚፈልገኝ ሰው ሄዷል! ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ልከፍት፣ ማታ 3 ሰዓት ልዘጋ ወሰንኩ። ዳቦ የሚያመጣልኝንም ልጅ 12 ሰዓት ላይ እንዲያደርስ ተስማማሁ።

ማስታወቂያውን አሳትሜ ሐሙስ ለጠፍኩ። «የሥራ ሰዓት 6:30 – 9:00» ይላል። የሠራልኝ ልጅ በስልኩ አቆጣጠር ነው የጻፈው፤ እኔም ሳላስተውል አለፍኩት። ማታ አንዲት ጎረቤቴ «ምነው ልጄ፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው እንዴ የምትከፍተው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ ስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ማለት ነው። ያኔውኑ ወረቀት ለጥፌበት በእጄ ጻፍኩ፦ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት»። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ እዚያ ላይ 6:30ን እንዳለ ተውኩት።

ለስጦታ የአቡጀዲ ከረጢት መረጥኩ። ፌስታል በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደንበኛ ዕቃ መያዣ ይቸገራል። ሰፈር ውስጥ ላለ ልብስ ሰፊ 120 ከረጢት በ60 ብር፣ በድምሩ በ7,200 ብር አሠራሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ግማሽ ሊትር ዘይት ነበር፤ በዚያ ብር ለግማሹ ሰው እንኳን አይደርስም።

ስህተቴ «ለመጣ ሁሉ» ብዬ መጻፌ ነው። አንዳንድ ልጆች ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን 47 ከረጢት ወጣ። ከዚያ የብሎክና የቤት ቁጥር ደብተር ላይ እየመዘገብኩ፣ ለአንድ ቤት አንድ መስጠት ጀመርኩ። ሰኞ ማታ አለቀ። ማክሰኞ ልጅ ያዘለች እናት መጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ በጣም አዘንኩ፤ 30 ጨምሬ አሰፋሁና የእሷን ቤቷ አደረስኩላት። ከመጀመሪያው «ለ120 ቤቶች፣ ለአንድ ቤት አንድ» ማለት ነበረብኝ።

ወንድሜ «ዱቤ ያለባችሁ ቀድማችሁ ክፈሉ የሚልም ጨምርበት» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ባለ ዱቤ በ19 ቀን ሌላ ሱቅ ይለምዳል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ካየማ ጭራሽ በሌላ መንገድ ይዞራል። ስለ ብሩ ምንም ሳላነሳ፣ ለዘጠኙም ባለ ዱቤዎች ከረጢቱን ከነአዲሱ ሰዓት ቤታቸው ላክሁ። በሳምንቱ ስድስቱ መጡ። አንድ አባት ከረጢቱን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡና «በል፣ ደብተሩን አውጣው» አሉኝ።