ሦስት ከረጢት ገለባ፦ የኦይስተር እንጉዳይ ሙከራዬ

ሦስት ከረጢት አዘጋጀሁ። አንዱ ተበላሸ። ሁለተኛው እግሩ ረጅም፣ ባርኔጣው ትንሽ የሆነ እንጉዳይ ሰጠኝ። ሦስተኛው ግን ደህና አድርጎ አፈራ። ሦስቱም ከአንድ ገለባና ከአንድ ዘር የወጡ ናቸው። ለምን እንደተለያዩ የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ገለባውን ስለሚወርሰው ነጭ ነገር። እንጉዳይ ብለን ቆርጠን የምንበላው ፍሬውን ነው። ዋናው አካል ገለባው ውስጥ የሚኖረው ክር ነው፤ ማይሲሊየም ይባላል። አንዱ ክር ብቻውን በዓይን አይታይም። ብዙው ሲጠላለፍ ግን የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ይህ ክር አፍም ሆድም የለውም። ኢንዛይም ወደ ውጭ ያመነጭና ገለባውን እዚያው ባለበት ያሟሟዋል፤ ከዚያ የሟሟውን ይመጥጣል። ኦይስተር እንጉዳይ ሊግኒንን፣ ማለትም እንጨትና ገለባን የሚያጠነክረውን ነገር፣ መፍታት ይችላል። ለዚህ ነው ለሰው ሆድ የማይሆን ደረቅ ገለባ ለእሱ ቀለብ የሚሆነው።

የተጠቀምኩት 2 ኪሎ ደረቅ የስንዴ ገለባ ነው። በመቀስ ወደ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ቆራረጥኩት። ረጅሙ ገለባ ከረጢት ውስጥ ክፍተት ይተዋል፤ ክሩ ደግሞ ክፍተት መሻገር ይቸግረዋል። ገለባውን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ ከላይ ድንጋይ ጭኜ፣ የተዋስኩት የድግስ ድስት ውስጥ በሁለት ዙር ዘፈዘፍኩት። ውሃው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሆኖ እንዲቆይ በቴርሞሜትር እየተከታተልኩ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል አቆየሁት። አላፈላሁትም። ዓላማው ገለባው ላይ ያለውን ሕይወት በሙሉ መግደል አይደለም። ሻጋታው ይሞታል፤ ሙቀት የሚችሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ይተርፋሉ። እነሱ ቦታውን ስለሚይዙ አዲስ ሻጋታ በቀላሉ አይገባም። ገለባ ሙሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ ግን በቤት አየር ውስጥ ቀድሞ የደረሰው ሁሉ ይወርሰዋል።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው የመጀመሪያውን ከረጢት ያበላሸብኝ። የመጀመሪያውን ዙር ገለባ ንጹሕ ላስቲክ ላይ ዘርግቼ ሌሊቱን አሳደርኩት። ሁለተኛው ዙር ዘግይቶ ወጣ። ቸኩዬ ስለነበር አንድ ሰዓት ብቻ አንጠፍጥፌ አንደኛው ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። የእርጥበቱ መለኪያ እጅ ነው። ጭብጥ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ስትጨምቁ ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። የእኔው ግን በጣቴ መሃል ይፈስ ነበር፤ እያየሁ አለፍኩት።

ዘሩ ማሽላ ላይ ያደገ የእንጉዳዩ ክር ነው። ገለባው ከረጠበ በኋላ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ስለመጣ 400 ግራም ዘር ተጠቀምኩ። እጄንና ጠረጴዛውን በአልኮል ጠርጌ፣ አንድ ንብርብር ገለባ፣ አንድ ጭብጥ ዘር እያደረግሁ ጠቀጠቅኩት። ከረጢቶቹን አስሬ ዙሪያቸውን አሥር አሥር ቦታ በሹል ነገር በሳኋቸው፤ ክሩ እንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋል። ከዚያ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከረጢቱ መሃል ላይ ቴርሞሜትር ብሰካ ግን 25 አነበብኩ። ክሩ ሲበላ ይሞቃል ማለት ነው። ስለዚህ ከረጢቶቹን አትደራርቧቸው።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ የማሽላ ፍሬ ዙሪያውን ነጭ ፀጉር አበቀለ። እማዬ ስታየው ደነገጠች። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሻግቷል፣ ጣይው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ነጭነቱ በእርግጥ ያሳስታል። ልዩነቱን ያወቅነው ሁለታችንም በዘጠነኛው ቀን ነው። አንደኛው ከረጢት ግርጌ ላይ ቡናማ ውሃ ተጠራቅሟል። ከውሃው ከፍ ብሎ ደግሞ ነጭ የነበረ ቦታ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ይህ ትራይኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ነው። ሲጀምር እሱም ነጭ ነው፤ ቆይቶ ግን አረንጓዴ ይሆናል። የእንጉዳዩ ክር እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። ሽታውም ይለያል። ደህናው ከረጢት ትኩስ እንጉዳይ ይሸታል። የተበላሸውን እማዬ ጠጋ ብላ አሽትታ «ያለፈበት ሊጥ» አለች። ትክክል ናት። ውሃ የበዛበት ገለባ አየር አጥቶ ኮምጥጦ ነበር። ከረጢቱን ሳልፈታ ከቤት አወጣሁት። ቤት ውስጥ ቢፈታ ዱቄቱ ለሌሎቹም ይተርፋል።

ሁለቱ ከረጢቶች በ19ኛው ቀን ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ነው በጣም የመሰጠኝ። ክሩ ምግብ እስካለውና እስከታፈነ ድረስ ፍሬ አያስብም። በተፈጥሮ ሲኖር የሞተ ግንድ ውስጥ ነው። እዚያ የራሱ ትንፋሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ተከማችቶ ይቆያል። ከግንዱ ዳር ሲደርስ ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ እርጥበትና ቅዝቃዜ ያገኛል። ያኔ ነው ክሩ ተሰብስቦ ፍሬ የሚሠራው። ምክንያቱም የእንጉዳይ ሥራ ብናኝ ዘሩን በአየር መበተን ነው፤ አየር በሌለበት ማፍራት አይጠቅመውም።

ይህን ያኔ አልተረዳሁትም። ሁለተኛውን ከረጢት እርጥበት እንዳያጣ ብዬ ላስቲክ አልብሼ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ሦስተኛውን መታጠቢያ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሁለቱንም ጎናቸውን በ5 ሳንቲሜትር ያህል በመስቀል ቅርጽ ቀደድኳቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ዙሪያቸውን ውሃ ረጨሁ። በቀጥታ ብቅ በሚሉት ሕፃን እንጉዳዮች ላይ ግን አልረጭም፤ ውሃ ከተኛባቸው ቢጫ ሆነው ይሞታሉ።

ከቀደድኳቸው በአምስተኛው ቀን ሁለቱም ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ግራጫ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ከዚያ መንገዳቸው ተለያየ። የመስኮቱ ባርኔጣውን ዘረጋ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት በየዕለቱ እጥፍ የሚሆን ይመስል ነበር። እንዲህ የሚፈጥነው አብዛኛው ዕድገት ውሃ መምጠጥ ስለሆነ ነው፤ እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። ለዚህም ነው ከረጢቱ ውስጥ ያለው እርጥበት የሚወስነው። የቁምሳጥኑ ግን እግሩ ጣት የሚያህል ርዝመት ነበረው፤ ባርኔጣው ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ታፍኖ ስለነበር አየር ፍለጋ እግሩን ያስረዝማል። እግረ ረጅም ካያችሁ ውሃ አትጨምሩ፤ መስኮት ክፈቱ። ተቃራኒው ችግር ደግሞ ጫፉ መሰንጠቅና መድረቅ ነው፤ ያኔ ነው እርጥበት የጎደለው።

የመስኮቱን ነጠብጣቦቹ ከታዩ በስድስተኛው ቀን ቆረጥኩ፤ 390 ግራም ሆነ። የባርኔጣው ጫፍ ወደ ታች እንደታጠፈ ነው የሚቆረጠው። ጫፉ ወደ ላይ ከተገለበጠ ነጭ ዱቄት ይበትናል። ያ ዱቄት በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲተነፈስ ያስላል፤ አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ይህን አትርሱ። እቅፉን እንዳለ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉት። ቁራጭ ከቀረ ይበሰብሳል፤ ሻጋታ ይጠራል።

ከመጀመሪያው ምርት በኋላ ከረጢቱ ቀሎ ነበር። ውሃውን እንጉዳዩ ወስዶታል። አንድ ሌሊት ባሊ ውሃ ውስጥ ነክሬው አንጠፈጠፍኩት፤ በሁለት ሳምንቱ 180 ግራም ጨመረልኝ። የቁምሳጥኑንም አውጥቼ፣ እግረ ረጅሞቹን ነቅዬ፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ዙር ያወጣው ባርኔጣ የመዳፌን ግማሽ ያህላል። ያው ክር፣ ያው ገለባ ነው።

የመጀመሪያውን ምርት እማዬ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው። ለጾም ቀን ሆነ። አሁን አራተኛውን ከረጢት እያዘጋጀሁ ነው። ገለባው ከትናንት ማታ ጀምሮ ላስቲኩ ላይ ተዘርግቷል፤ ጠዋት ጨምቄ ሳየው ሁለት ጠብታ ብቻ ወጣ።