የሚራመደው እግር አያመውም፤ የስፖንጅ ህብለ ሰረሰር ማስታወሻ

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው ከህብለ ሰረሰር ጋር ስታገል። ያለፉት ሁለት ሳምንታት የሄዱት ሠንጠረዥ በመሸምደድ ነበር። ሠንጠረዡ ሰኞ ይገባል፣ ረቡዕ ይወጣል። ቅዳሜ ዕለት ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ነገሩ የተጀመረው መምህራችን በሰጡን የወረቀት ኬዝ ነው። አንድ የ28 ዓመት ሰው ጀርባው ላይ፣ ከአከርካሪው በስተግራ በቢላዋ ተወግቷል። ህብለ ሰረሰሩ ቲ8 ላይ፣ ማለትም በደረቱ ክፍል ስምንተኛ ደረጃ ላይ፣ ግራው ግማሽ ብቻ ተቆርጧል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን ያጣል? የቱ ጋ?

እኔ ሳላስብ "ግራ እግሩ ሽባ ይሆናል፣ ስሜትም ያጣል" ብዬ ጻፍኩ። ግራው ከተቆረጠ ግራው ይሞታል፣ በቃ። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ "አንጎል የሚያዘው ተቃራኒውን ጎን አይደል እንዴ?" ብሎ ሁሉንም ወደ ቀኝ እግር ወሰደው። ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን አግኝተን ግማሽ ግማሹን ስተናል። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን "የት ጋ እንደሚሻገር ሳታውቁ የት ጋ እንደሚጠፋ አትጻፉ" አሉን።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ወረድን። የያዝነው ከተጣለ ፍራሽ የቆረጥነው ክንድ የሚያህል ስፖንጅ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክር፣ የጆንያ መስፊያ መርፌና ምላጭ ነው። ስፖንጁ ላይ በማርከር መሀሉን የሚከፍል መስመር አሰመርን። ጫፉ ላይ "ሜዱላ" ብለን ጻፍን፤ የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ማለት ነው። ከዚያ በታች በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ከቲ1 እስከ ቲ12 ምልክት አደረግን። ደንገል የጫነ ታንኳ የሚያወርዱ አንድ አባት ቆም ብለው አዩንና "ልጆቼ፣ በዚህ ነው አሳ የምታጠምዱት?" አሉን። ሰው ውስጥ ያለ ገመድ ነው አልናቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እንግዲህ ክሮቹ። ለግራ እግር ብቻ ሦስቱን ላስረዳ፣ የቀኙ የመስታወት ግልባጩ ነው።

ቀዩ የእንቅስቃሴ ነው፣ ኮርቲኮስፓይናል ትራክት። ከቀኝ አንጎል ይነሳል። ሜዱላ ታችኛው ጫፍ ላይ አብዛኛው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ፣ ወደ ግራ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ወርዶ ግራ እግርን ያዛል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሲገባ መሻገሩን ጨርሷል።

ሰማያዊው የንዝረት፣ የመገጣጠሚያ አቀማመጥና የረቂቅ ንክኪ ነው፣ ዶርሳል ኮለም። ከግራ እግር ይመጣል፣ በግራ በኩል ይገባል፣ በግራ የኋላ ክፍል ሳይሻገር እስከ ሜዱላ ይወጣል። የሚሻገረው እዚያ ነው።

ቢጫው የህመም፣ የሙቀትና የቅዝቃዜ ነው፣ ስፓይኖታላሚክ ትራክት። ተንኮለኛው ይሄ ነው። በግራ ይገባል፣ አንድ ሁለት ደረጃ ሽቅብ ይወጣል፣ ወዲያው እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ከዚያ ወደ ላይ የሚጓዘው በቀኝ በኩል ነው።

ሦስቱም ክሮች መጨረሻቸው ቀኝ አንጎል ነው። ጓደኛዬ "ሁሉም ተቃራኒ ነው" ሲል ያየው ጫፉን ነው፤ መንገዱን አላየም። የቀኝ እግርን ክሮች ጨምረን ስንሰፋ ደግሞ የስፖንጁ ግራ ግማሽ ውስጥ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የግራ እግር ቀይ፣ የግራ እግር ሰማያዊ እና የቀኝ እግር ቢጫ። እኔን ያነቃኝ ይህ ነው። ግራው ግማሽ የግራ እግር ብቻ አይደለም፣ አንድ እንግዳ አለበት።

ከዚያ ምላጩን አንስተን ቲ8 ላይ ግራውን እስከ መሀል መስመሩ ድረስ ቆረጥን። በእግር በኩል ያሉትን ክሮች አንድ በአንድ እየሳብን አናት ላይ የሚንቀሳቀሰውን አየን። የግራ ቀይ ስንስብ ተመዞ እጃችን ላይ ቀረ። የግራ ሰማያዊም እንዲሁ። የግራ ቢጫ ግን እስከ አናቱ ተወጠረ። ወደ ቀኝ ስንሄድ ቀይና ሰማያዊው ደህና ናቸው፣ ቢጫው ተመዞ መጣ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ግራ እግሩ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑን ሲጨፍን ጣቱ ወደየት እንደታጠፈ አያውቅም፣ ግን ሲወጋ ያመዋል። ቀኝ እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል፣ ግን እሾህ ቢወጋው ወይም ፍም ቢነካው አያውቅም። ይህን ሰው ተሻለው እንበልና ጣና ውስጥ እናቁመው። የውሃው ቅዝቃዜ የሚሰማው በሚጎተተው እግሩ ነው። በደህናው እግሩ አይሰማውም። የሚራመደው እግር አያመውም፣ የሚያመው እግር አይራመድም። ሰውም ቤተሰብም የሚጠነቀቀው ለደካማው እግር ነው፤ በሙቅ ውሃ የሚቃጠለው ግን ጠንካራው ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተቴ ወጣ። በቀኝ ጎኑ ህመም የሚጠፋው ከየት ጀምሮ ነው? እኔ "ከቲ8 በታች" አልኩ። ቲ8 ከደረት አጥንት ጫፍና ከእምብርት መሀል ያለው ሥፍራ ነው። ስፖንጁ ግን እምቢ አለ። በቀኝ ቲ9 ላይ የሰፋነው ቢጫ ክር ሲሳብ አናቱ ተንቀሳቀሰ። ምክንያቱም ከመሻገሩ በፊት ሽቅብ ይወጣል፤ ከቁርጡ በላይ ደርሶ ተሻግሯል፣ አመለጠ። የቲ10ኛው ግን ከቁርጡ በታች ተሻገረ፣ ተያዘ። ስለዚህ በቀኝ በኩል ህመም መጥፋት የሚጀምረው እምብርት አካባቢ ነው። በሽተኛ ስንመረምር ህመም የጠፋበትን መስመር አግኝተን "ጉዳቱ እዚህ ነው" ካልን አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለን እንስታለን።

ትክክለኛውን ከፍታ የሚናገረው ግራው ጎን ነው። ቲ8 ላይ የሚገቡት ክሮች ከመግቢያቸው ስለተበላሹ በግራ በኩል ሆዱ ላይ ሁሉም ስሜት የጠፋበት ጠባብ መቀነት ይኖራል። ሁለት ጣት የሚያህል ነው። ካልፈለጉት አይታይም።

ጥጡስ? "ንክኪ ጠፋ" ብዬ ስጽፍ የሳትኩት ሦስተኛው ነገር ነው። እግሩን በጥጥ ብንዳብሰው በሁለቱም በኩል "ተሰማኝ" ሊል ይችላል። ተራ ንክኪ በሁለቱም መንገድ ነው የሚጓዘው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያደርሰዋል። በጥጥ ብቻ መርምሮ "ስሜቱ ደህና ነው" ማለት ሰውየውን መሸወድ ነው።

እሁድ ምርመራውን እርስ በርስ ተለማመድን። የጣት አቀማመጥ ስፈትን የጓደኛዬን አውራ ጣት ከላይና ከታች ይዤ አንቀሳቀስኩ፣ ሁሉንም መለሰ። "እንዴት አወቅክ?" ስለው "ወደ ላይ ስትገፋኝ ከታች ትጫነኛለህ" አለኝ። ግፊቱን ነው ያነበበው። ጣቱ የሚያዘው ከጎንና ከጎን ነው። የንዝረት መፈተሻው ሹካም፣ 128 ኸርዝ የሚባለው፣ እንዲሁ ያታልላል። አጥንቱ ላይ ስናስቀምጠው የብረቱን ንክኪ ተሰምቶት "አዎ" ይላል። አሁን የማደርገው ይህ ነው፦ አንዳንዴ ሳይነግሩት ሹካውን በእጅ ይዞ ማቆም፣ ከዚያ "አሁንስ ይነዝራል?" ብሎ መጠየቅ። ቆሞም "አዎ" ካለ መጀመሪያውኑ የሚመልሰው ንክኪውን ነበር።

ኬዙ ላይ ግራ ያጋባን ሌላ መስመር ነበር። "በመጀመሪያው ቀን ግራ እግሩ ልፍስፍስ ያለ ነው፣ የጉልበት ሪፍሌክስ የለም" ይላል። ቀዩ ክር ሲቆረጥ እግሩ ግትር፣ ሪፍሌክሱም ኃይለኛ መሆን ነበረበት አይደል? ነበረበት፣ ግን ወዲያው አይደለም። ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ከቁርጡ በታች ያለው ለጊዜው ዝም ይላል፣ ስፓይናል ሾክ ይሉታል። ግትርነቱ የሚመጣው ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አይቶ "ይሄ የታችኛው ነርቭ፣ ከህብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄደው፣ ጉዳት ነው" ያለ ሰው ይሳሳታል። እኔ ብያለሁ፣ ነጥብ አጥቼበታለሁ።

ይህ ሁሉ ስም አለው፣ ብራውን-ሴካር ይባላል። ሰውየው በ1817 ሞሪሸስ የተወለደ ሐኪም ነው። የእንስሳትን ህብለ ሰረሰር ግማሹን እየቆረጠ የህመም መንገድ እዚያው ውስጥ እንደሚሻገር ያሳየ እሱ ነው። እኛ ስፖንጅ ነው የቆረጥነው፤ ይሻላል።

ስፖንጃችን የሚዋሽበት ቦታም አለ። ምላጭ መሀል መስመር ላይ ይቆማል። ቢላዋ፣ እጢ ወይም የተንሸራተተ ዲስክ እንዲህ አይጠነቀቅም። ትንሽ አልፎ ሌላውን ጎን ይነካል፣ ወይም የኋላውን ክፍል ይተዋል። እብጠትም አለ። ስለዚህ ዋርድ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተዛነፈ ነው፦ አንዱ እግር በጣም ደካማ፣ ሌላው ትንሽ ደካማ፣ ህመሙ በጣም የጠፋው ብርቱው እግር ላይ። ንጹሑ ኬዝ የሚገኘው በፈተና ወረቀት ላይ ነው። ደስ የሚለው፣ ህብለ ሰረሰራቸው በከፊል ከተጎዳ ሰዎች መሀል እነዚህኞቹ ጥሩ የሚያገግሙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ተመልሰው ይራመዳሉ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስፖንጁን በስተቀኝ አንገቱ ላይ ሲ8 ጋ እንቆርጠዋለን። እዚያ የእጅ ጣቶች ጡንቻም ጉዳዩ ውስጥ ይገባል፣ ያ ሆድ ላይ ያልታየን ጠባብ መቀነትም እጅ ላይ ይታያል። የቀኝ ዓይን ቆብም ትንሽ ይወድቃል፣ ብሌኑም ይጠባል ይላሉ። ለዚያ አራተኛ ክር ያስፈልጋል፤ ጓደኛዬ አረንጓዴ ገዝቷል። በየት በኩል እንደምንሰፋው ገና አልተስማማንም። እሱ ይሻገራል ይላል፣ እኔ አይሻገርም እላለሁ።