የባንክ ኮንፈርሜሽን እና የጠፉት ሰባት ቀናት

ኦዲት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የባንክ ማረጋገጫ መልሶችን፣ ማለትም ባንክ የደንበኛችንን ተቀማጭና ብድር ለእኛ የሚያረጋግጥባቸውን ደብዳቤዎች፣ ብቻዬን እንድገመግም ተሰጠኝ፤ አንዷ ፋይል ላይ ሦስት ቀን ስለተጣበቅኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ተቀማጩን ቶሎ ልለፈው። መጀመሪያ ዓመት ላይ የባንኩ መልስ ከሌጀሩ፣ ከደንበኛው የሂሳብ መዝገብ፣ ጋር በቀጥታ እኩል መሆን አለበት ብዬ እደነግጥ ነበር። መልሱ እኩል መሆን ያለበት ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ነው። ከዚያ ወደ ሌጀሩ የሚያደርሰን የሁለቱን ልዩነት የሚያብራራው ማስታረቂያ ነው። እዚህ ደንበኛ ጋር ባንኩ 3,418,000 ብር አለ፣ ሌጀሩ 2,961,500። የ456,500 ልዩነቱ በሰኔ መጨረሻ ተጽፈው ሐምሌ ላይ የተመነዘሩ ሁለት ቼኮች ናቸው። ሐምሌ ስቴትመንት ላይ አየኋቸው፣ አለቀ።

ጣጣው ብድሩ ጋር መጣ። ባንኩ ቀሪ ብድር 9,600,000 ብሎ ጽፏል። ሌጀሩ 9,216,000 ይላል። 384,000 ብር ልዩነት! ኩባንያው ዕዳውን አሳንሶ ያሳየ ይመስላል።

መጀመሪያ ወለድ ነው አልኩ። ባንኩ ያልተከፈለ ወለድ ደምሮ ጽፎ ይሆናል። ግን ወለዱ 14.5 በመቶ ነው፣ የወር ወለዱ 116,000 ብር ገደማ። 384,000 ለመድረስ ከሦስት ወር በላይ መከማቸት ነበረበት፣ ደንበኛው ደግሞ አንድም ወር አላሳለፈም። ቀጥሎ የሂሳብ ሠራተኛው ላይ ዞርኩ። ወለድም ያለበትን ወርሃዊ የ500,000 ብር ክፍያ እንዳለ ከዋናው ብድር ላይ ቀንሶት ይሆናል ብዬ። ይህ ስህተት ብዙ ቦታ ያጋጥማል። የዓመቱን ክፍያዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ወለዱን ለብቻው በትክክል ይዞታል። ሰውየውን በከንቱ ጠርጥሬው ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሲኒየሯ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ «አንቺ፣ ቀኑን አየሽው?» አለችኝ። አየሁት እንጂ! ደብዳቤው አናት ላይ July 7, 2025 ይላል፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ማለት ነው። እሷ ግን ጣቷን የብድር ሠንጠረዡ ራስጌ ላይ አሳረፈች። በትንንሽ ፊደል June 30, 2025 ተጽፏል። ሰኔ 23።

ለካ ተቀማጩን የሞላው ቅርንጫፉ ነው፣ ብድሩን ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የብድር ክፍል። ባንኮች የራሳቸውን ሂሳብ የሚዘጉት June 30 ስለሆነ፣ እጃቸው የለመደውን ቀን ጽፈዋል። ደንበኛችን ግን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመሃል ሰባት ቀን አለ። ሰኔ 27 ቀን ደግሞ የወሩ 500,000 ብር ተከፍሏል፦ 116,000 ወለድ፣ 384,000 ዋና ብድር። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ገጠመ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ደስ ብሎኝ «የቀን ልዩነት» ብዬ ፋይሉን ልዘጋ ነበር። ሲኒየሯ አስቆመችኝ። እኔ ያስታረቅኩት የደንበኛውን ሌጀር ከደንበኛው ሌጀር ጋር ነው፤ ሰኔ 27 መከፈሉን የነገረን ባንኩ አይደለም። ስለዚህ የብድሩን ስቴትመንት እና በሰኔ 30 የተስተካከለ መልስ በድጋሚ ጠየቅን። ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ 9,216,000 ብሎ መጣ። በመንገድ ላይም ከሰኔ 27 እስከ 30 ያለው የሦስት ቀን ወለድ፣ 11,000 ብር ገደማ፣ አለመመዝገቡን አገኘን። ትንሽ ነው፣ ግን ማስተካከያ ሉሁ ላይ ሰፍሯል።

አሁን መልስ ሲደርሰኝ ቁጥር ከማየቴ በፊት ቀኖቹን ሁሉ፣ የእያንዳንዱን ሠንጠረዥ፣ በእርሳስ አከብባለሁ። ኤክሴል ላይ ገልብጦ ልዩነት ማውጣት የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም። ኤክሴል የሚቀንሰው ቁጥሩን ነው፣ የራስጌውን ትንንሽ ፊደል አያነብም።

ሌላው ባዶ ሳጥን ነው። በዚሁ መልስ ላይ የኦቨርድራፍት እና የዋስትና ደብዳቤ ቦታዎች ባዶ ነበሩ። እኔ «የለም» ብዬ አነበብኩት። ባዶ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። በድጋሚው ደብዳቤ ላይ ኦቨርድራፍቱ «የለም» ተብሎ ተጻፈ፣ ዋስትናው ግን 1,500,000 ብር ሆኖ ብቅ አለ። ሌጀር ላይ የሚገባ ዕዳ አይደለም፣ በማብራሪያው ግን መገለጥ ነበረበት፤ ደንበኛውም ረስቶት ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት የሌላ ደንበኛ ካሸር የባንኩን ፖስታ በእጁ ይዞልኝ መጣ። «እንዳትደክሚ ብዬ ነው» አለኝ። አመስግኜ ተቀበልኩት፣ ከፈትኩት፣ ቲክ ማድረግም ጀመርኩ። ለካ መልስ ከባንኩ በቀጥታ ወደ እኛ መምጣት አለበት! እንደገና ልኬያለሁ፣ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።