የአኒሜ ልጅ ጋቢ ያለበስኩበት ታሪክ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ማታ ማታ ነፋሱ ለጉድ ነው፣ እኔ ጋቢ ሳልደርብ አልቀመጥም። ይሄን አይቶ ነው መሰለኝ ታናሽ ወንድሜ ሰይፍ የያዘ የአኒሜ ልጅ ስዕል በቴሌግራም ላከልኝና "ጃኬቱን በጋቢ ቀይርልኝ፣ ግን ሌላ ሰው የሳለው እንዳይመስል" አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ፣ ሶስት ማታ ፈጀብኝ።

ገና ከመጀመሪያው ተበላሸ። እንደ ፎቶ ስለላከው ቴሌግራም ጨምቆት መስመሮቹ ዙሪያ ብዥ ብለዋል፣ እኔ ንጹህ መስመር ስጨምርበት አዲሱ ከአሮጌው ተለይቶ ቁጭ አለ። በፋይል አስልኬ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

የምሰራው ስልኬ ላይ አይቢስ ፔይንት በሚባል የስዕል አፕ ነው። ዙም አድርጌ የመስመሩን ውፍረት በፒክስል ስቆጥር የሰውነቱ ዙሪያ 6፣ የልብሱ እጥፋት 3 ሆኖ ጫፉ ላይ እየቀጠነ የሚጠፋ ነው። ብራሼን በዚያ ልክ አስተካከልኩት፣ ግን አሁንም የኔ መስመር ጎልቶ ይታያል፣ ምንድነው ብዬ ጣቴን ተጭኜ ቀለሙን ስወስደው ለካ ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ቡናማ ነው!

ዋናውን ስዕል አልነካሁም፣ ጋቢውን በላዩ አዲስ ሌየር ላይ ነው የሳልኩት፣ ትከሻው ላይ የወደቀውን ፀጉርና ሰይፍ የያዘውን እጅ ደግሞ ቆርጬ ከጋቢው በላይ አስቀመጥኳቸው።

ያስቸገረኝ እጥፋቱ ነው። ብዙ ቀጫጭን መስመር አበዛሁበትና ወንድሜ አይቶ "ይሄ አንሶላ ነው እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጋቢ እኮ አራት ድርብ ነው፣ እንደ ነጠላ አይጨማደድም። የራሴን ጋቢ ደርቤ እንደ ልጁ እጄን አንስቼ ቆምኩና ወንድሜ ፎቶ አነሳኝ፣ ከትከሻ የሚወርዱት ሶስት ወፋፍራም ክብ ያሉ እጥፋቶች ብቻ ናቸው። ፎቶውን ግን አልገለበጥኩትም፣ ሰዓሊው ሙሉ ጃኬቱን የሳለው በአምስት የእጥፋት መስመር ነው፣ እኔም ከስድስት አላለፍኩም።

ጥላውን መጀመሪያ በለስላሳ ብራሽ ግራጫ አድርጌው ነበር፣ አስቀያሚ ሆነ። የልጁ ሸሚዝ ነጭ ስለነበር ጥላውን አየሁት፣ ፈዛዛ ሐምራዊ፣ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ያንኑ ቀለም ወሰድኩ። ጥለቱንም ክር በክር ስዬ ስዕሉ ሲያንስ ጭቃ ስለመሰለ በሁለት መስመር ተካሁት።

ጨርሼ ከላክሁለት በኋላ "አንገቱ ላይ ያለው ጥላ የምንድነው?" አለኝ። የጃኬቱ ኮሌታ ጥላ! ኮሌታው ሄዷል፣ ጥላው ቀርቷል። በቆዳው ቀለም ሸፍኜ የጋቢውን ጥላ ዝቅ አድርጌ ሳልኩለት። ፕሮፋይል አደረገው፣ እዚያ ላይ ደግሞ አንገቱ ጭራሽ አይታይም።