160 ግራም፦ ወድቀው ስለተገኙ የኮንክሪት ኪዩቦች ሪፖርት እንዴት እንደጻፍኩ

ከላብራቶሪ ስልክ ተደወለልኝ። ቴክኒሺያኑ "የ28 ቀኖቹ ሦስቱም ወድቀዋል" አለኝ። ከሦስተኛው ሚክሰር ኮንክሪት ተወስደው ለጥንካሬ ፈተና የተሞሉ ኪዩቦች ነበሩ። ከዚያ ሚክሰር የተሞሉት ስድስት ኮለኖች ደግሞ በዚያን ሰዓት ሶሌታ ተሸክመው ቆመዋል።

ስፔሲፊኬሽናችን ግልጽ ነው። ኮንክሪቱ ሲ25/30 ነው፤ የሦስት ኪዩብ አማካኝ በ28 ቀን ከ30 ሜጋ ፓስካል ማነስ የለበትም፣ አንዱም ኪዩብ ለብቻው ከ26 በታች መውረድ የለበትም። እኛ ያገኘነው 25.8፣ 26.9 እና 26.4 ነው። አማካኙ 26.4። ሁለቱም መስፈርቶች አልተሟሉም።

የጉድለት ሪፖርቱን የመጻፍ ኃላፊነት የኔ ነበር። በዚያው ከሰዓት ጻፍኩና ላክሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "የኪዩቦቹ አወጣጥ ጥሩ ስላልነበረ" አልኩ። ማስተካከያ በሚለው ደግሞ "ሠራተኞች ምክር ይሰጣቸዋል" ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ተመለሰልኝ። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፎበታል፦ "ይህን በምን አወቅሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ኪዩብ ሲወድቅ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ምክንያት ይህ ነው፤ እኔም ደገምኩት። ደግሞ ሲታይ የሚያጽናና ምክንያት ነው። ጥፋቱ የኪዩቡ ከሆነ ኮለኑ ደህና ነው ማለት ነውና። ስለዚህ ያለማስረጃ ከጻፍነው ሰዎች የሚኖሩበትን ሕንጻ በምኞት አሳለፍን ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በቅድሚያ ጉድለቱን ብቻ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ጻፍኩ። ምን ተፈለገ፣ ምን ተገኘ፣ ልዩነቱ ስንት ነው፣ የትኛውን የሕንጻ ክፍል ይነካል? አማካኙ ከሚፈለገው በ3.6 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም በ12 በመቶ አንሷል። "የትኛውን ክፍል" የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ አልተመለሰም። የላብራቶሪው ቅጽ "የአንደኛ ፎቅ ኮለን" ይላል እንጂ የቱ እንደሆነ አይናገርም። በዚያ ቀን የተሞሉት 18 ኮለኖች ናቸው። ያወጣን የፎርማኑ ደብተር ነው። በእርሳስ የእያንዳንዱን ሚክሰር ታርጋ ጽፎ፣ ከጎኑ የተሞሉትን ኮለኖች ቁጥር አስፍሯል። ሦስተኛው ሚክሰር የመጨረሻዎቹን ስድስት ሞልቷል። ያ ደብተር ባይኖር 18ቱንም እንጠረጥር ነበር።

ከዚያ ወደ ምክንያቱ መጣሁ። የላብራቶሪውን ወረቀት ደግሜ ሳየው ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ዓምድ ነበረበት፤ የኪዩቡ ክብደት። የሦስተኛው ሚክሰር ኪዩቦች 7.95፣ 7.97 እና 7.96 ኪሎ ይመዝናሉ። የአንደኛውና የሁለተኛው ሚክሰር ግን በአማካኝ 8.12 ኪሎ። ልዩነቱ 160 ግራም ነው። በእጅ ብታነሱት አይታወቃችሁም። ነገሩን የፈታልኝ ግን እሱ ነው።

የ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ይዘቱ 3.375 ሊትር ነው። ክብደቱን ለዚህ ስናካፍል ደህናው ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2,406 ኪሎ፣ የወደቀው 2,358 ኪሎ ይሆናል። 2 በመቶ ቀሏል። ይህ የሚሆነው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ወይ ኪዩቡ በደንብ ስላልተጠቀጠቀ ውስጡ አየር ቀርቷል፣ ወይ ኮንክሪቱ ውስጥ ትርፍ ውሃ ገብቷል። ክብደቱ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ክብደቱን ከጥንካሬው ጋር አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል።

በሙያችን የሚሠራበት ግምት አለ። ኮንክሪት ውስጥ በቀረ በእያንዳንዱ 1 በመቶ አየር ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሌሎቹ ሁለት ሚክሰሮች ውጤት 36 አካባቢ ነበር። 2 በመቶ አየር ቢቀር 10 በመቶ ይወርዳል፤ 32 ገደማ ይሆናል። ያ ደግሞ ያልፋል! የኛ ግን ወደ 26 ነው የወረደው፤ ከሩብ በላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርቴ የወነጀለው ጥቅጠቃ ይህን ሁሉ ጉድለት ሊሸከም አይችልም።

ውሃውን ደግሞ አሰላሁ። ድብልቁ በሜትር ኪዩብ 340 ኪሎ ሲሚንቶ እና 180 ሊትር ውሃ ነው። የውሃና የሲሚንቶ ምጥጥኑ 0.53 ይሆናል። በሜትር ኪዩብ 35 ሊትር ውሃ ቢጨመርበትስ? ክብደቱ ወደ 2,358 ይወርዳል፤ የተመዘነው ራሱ ማለት ነው። ምጥጥኑ ደግሞ ወደ 0.63 ይወጣል። በዚህ ምጥጥን ከ36 ተነስቶ 27 ወይም 28 አካባቢ መድረስ የሚጠበቅ ነው። ክብደቱም ጥንካሬውም በአንድ ምክንያት ተገለጹ። ሚክሰሩ 6 ሜትር ኪዩብ ስለሚይዝ በጠቅላላው 210 ሊትር ውሃ ማለት ነው።

ይህ ገና ስሌት ነው፤ ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ። ቲኬቱ ላይ ከፋብሪካ የወጣበት ሰዓት አለ፤ በር ላይ የገባበት ሰዓት ተመዝግቧል። መንገዱ 40 ደቂቃ ፈጅቷል። ሲደርስ የኮንክሪቱን ልስላሴ የሚያሳየው ስላምፕ ተለክቷል፤ 90 ሚሊ ሜትር፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ክሬኑ ተበላሸና ሚክሰሩ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቆመ። ኮንክሪቱ እየጠጠረ ሄደ። ስላምፑ ግን ዳግም አልተለካም። ወረቀታችን ንጹሕ ሆኖ የታየው ለዚህ ነው፤ የተለካው ውሃው ከመጨመሩ በፊት፣ ኪዩቡ የወጣው ከተጨመረ በኋላ ነው።

ሾፌሩን አገኘሁት። በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ የመጣሁት ልከስዎ አይደለም፤ ኮለኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለብኝ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ከባልዲው አልወርድ አለ። ውሃ ልቀቅ አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ ለቀቅኩ" አሉኝ። የጉዞ መዝገባቸውን አወጡ። ታንካቸውን መልሰው ሲሞሉ የሚመዘግቡበት ነው። በዚያ ምልልስ፣ ከእጥበቱ በፊት፣ 200 ሊትር ወጪ ተጽፏል። እኔ ከክብደት ያሰላሁት 210 ነበር።

አሁን ምክንያቱን መጻፍ ቻልኩ። "ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ ሳይት ላይ የተጨመረ ውሃ" ብዬ ማስረጃዎቹን በተራ ዘረዘርኩ። ከሥሩ ያስወገድኳቸውንም ጻፍኩ። የላብራቶሪው ማሽን ነው እንዳንል በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሽን፣ ከዚያው የውሃ ገንዳ የወጡት የሌሎቹ ሚክሰሮች ኪዩቦች 35.8 እና 36.3 ሰጥተዋል። የኪዩቦቹ አሰባበርም አራቱንም ጎን እኩል የነካ፣ ትክክለኛ አሰባበር ነው። አንባቢው ሊጠይቅ የሚችለውን እዚያው መመለስ ሪፖርቱን ከመመላለስ ያድነዋል።

የተሳሳትኩበት ሌላው ነገር ሁለት ጥያቄዎችን ማደባለቄ ነው። እነዚህ ስድስት ኮለኖች ምን ይሁኑ የሚለው አንድ ነው። ነገ እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨፍልቋቸው ነበር። አሁን ለየኋቸው።

ለኮለኖቹ መጀመሪያ ያደረግነው ከላያቸው የሚጨመረውን ሥራ ማቆም ነው። ቀጥሎ የኮንክሪቱን ገጽ እየመታ በሚፈትሸው ሽሚት ሀመር ከጎረቤት ኮለኖች ጋር አወዳደርናቸው። ሀመሩ ጥንካሬን በቁጥር ለማወቅ አይታመንም፤ የትኛው ከየትኛው ይደክማል የሚለውን ለማየት ግን ይረዳል። በጣም ደካማ ከታዩት ሦስቱ ላይ ኮር፣ ማለትም በመሰርሰሪያ የተቆረጠ የኮንክሪት ሲሊንደር፣ አወጣን፤ ዲያሜትሩም ርዝመቱም 100 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለው ኮር ውጤቱ ከኪዩብ ጋር በቀጥታ ይወዳደራል። ብረት እንዳይቆረጥ ቦታው አስቀድሞ በብረት መፈለጊያ ታይቷል። ውላችን የኮሮቹ አማካኝ ከ30ው ሜጋ ፓስካል 85 በመቶ፣ ማለትም ከ25.5 እንዳያንስ፣ አንዱም ከ75 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል። የተገኘው 26.3፣ 24.9 እና 25.9፣ አማካኙ 25.7 ነው። ለጥቂት አለፈ።

"አለፈ" የሚለውን ቃል ግን ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩም። ኮለኑ 30 አልሆነም፤ አይሆንምም። ስትራክቸራል መሐንዲሱ ስድስቱንም በተገኘው ጥንካሬ መልሶ አሰላቸው። የሚሸከሙት ጭነት በቂ ህዳግ ስላለው ባሉበት እንዲቆዩ በፊርማው ፈቀደ። ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው "ከመስፈርት በታች ሆኖ በዲዛይነር ስሌት ተቀባይነት ያገኘ" የሚል ነው። ነገ ፎቅ ልጨምር የሚል ሰው ቢመጣ ይህን ማንበብ አለበት።

እንዳይደገም ለተባለው "ምክር ይሰጣል" የሚለውን ሰርዤ ሊታዩ የሚችሉ ነገሮችን ጻፍኩ። የሚክሰሩ ውሃ ቧንቧ ፋብሪካው ላይ ይታሸጋል፤ በራችን ላይ ማሸጊያው ይታያል። ከተደባለቀ 90 ደቂቃ ያለፈው ሚክሰር ዳግም ስላምፕ ሳይለካ አይፈስም። ከጠጠረ የሚጨመረው ያለ ተጨማሪ ውሃ ኮንክሪቱን የሚያለሰልሰው ፕላስቲሳይዘር ብቻ ነው፣ እሱም ፋብሪካው በፈቀደው መጠን፤ ካልሆነ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚያስፈጽመው ሰውና ቀኑ ተጽፏል። ሪፖርቱ የሚዘጋው ቀጣዮቹ አሥር ሚክሰሮች በዚህ አሠራር ታይተው ነው።

አንድ የጨመርኩት ነገር አሁንም ይቆጨኛል። የእነዚህ ኪዩቦች የ7 ቀን ውጤት 17.8 ነበር። ኮንክሪታችን በ7 ቀን የ28ቱን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ 20 መድረስ ነበረበት። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ፋይል ውስጥ ገባ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። በዚያን ቀን ኮለኖቹ ላይ ሶሌታ አልተሞላም ነበር። አሁን ከ20 በታች የሆነ የ7 ቀን ውጤት በወረቀት አይጠበቅም፤ ቴክኒሺያኑ በዚያው ሰዓት ይደውላል፣ ክብደቱንም አብሮ ይነግረኛል።

ሪፖርቱ በሁለተኛው ጊዜ አልተመለሰም። ከታሸጉት ሚክሰሮች በአራተኛው ላይ ክሬኑ እንደገና ቆመ። 95 ደቂቃ ሲሞላ ስላምፕ ተለካ፤ 40 ሚሊ ሜትር። ፎርማኑ ቧንቧውን አየ፣ ማሸጊያው እንዳለ ነው። ወደ እኔ ዞሮ "ፕላስቲሳይዘሩን ላምጣው?" አለኝ።