«አይቻልም» ያልኩበት ዓርብ

አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ የመስክ አስተባባሪያችን ቢሮዬ ገቡ። የወር ሂሳብ መዝጊያ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ሰነድ በሰነድ ሆኗል። ሰኞ ንጋት ወደ መስክ ስለሚወጡ የ6 ቀን ውሎ አበልና የነዳጅ ቅድሚያ ክፍያ ፈለጉ። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሳ «አይቻልም። የቀደመውን ሳያወራርዱ አዲስ እንደማይወጣ ያውቁት የለ?» አልኳቸው። በሩ ላይ ሁለት ሹፌሮች ቆመዋል። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ።

መመሪያውን አልጣስኩም። በስማቸው ያልተወራረደ 18,000 ብር ነበር፤ እሱ ሳይዘጋ ሌላ ብሰጥ ኦዲተር የሚጠይቀው እኔን ነው። ስለዚህ ነገሩን ወዲያው ረሳሁት።

እሳቸው ግን አልረሱም። ከዚያ በፊት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ የሹፌሮቹን ደረሰኝ ሰብስቤልሻለሁ» የሚሉኝ ሰው ነበሩ። አሁን ለትንሹም ለትልቁም ደብዳቤ ይጽፉልኝ ጀመር፤ ከግርጌው ሁሌም «ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ» የሚል አለ። በቃል ያልቅ የነበረ ጉዳይ በደብዳቤና በግልባጭ መምጣት ከጀመረ ሰውየው ተቀይሟል ማለት ነው። ደረሰኞቹም ዘግይተው፣ ተደባልቀው መምጣት ጀመሩ። በቀጣዩ ወር ሂሳቡን የዘጋሁት ሁለት ቀን አሳልፌ ነው።

አብራኝ የምትሠራ አንጋፋ ገንዘብ ያዥ አለች፤ እትዬ ነው የምንላት። ነገሩን ስነግራት «ብር ስለከለከልሽው አይደለም። ሹፌሮቹ ፊት ስላሳነስሽው ነው» አለችኝ። ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስለ ብሩ አላነሳሁም፤ የተናገርኩበትን መንገድ ብቻ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ብዙም አላወሩኝም።

ከእትዬ የተማርኩት ዋናው ነገር ትሕትና ማለት ነገር ማድበስበስ አለመሆኑን ነው። እኛ ሰው ላለማስቀየም «እስቲ እናያለን»፣ «ነገ ብቅ ይበሉ» ማለት ይቀናናል። በሂሳብ ክፍል ይሄ ከ«አይቻልም» ይብሳል። ሰውየው ተስፋ አድርጎ መኪና ያዘጋጃል፣ ለቡድኑ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በመጨረሻው ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል። «እኔማ በሰጠሁ፣ አለቃ እንቢ ብለው ነው» ማለትም አያዋጣም። ቀጥታ አለቃው ዘንድ ይሄዳል፣ አለቃው ደግሞ ምንም አልሰሙም። እምቢታው ግልጽ ይሁን፤ ከሱ ጋር ግን የሚከፈት አንድ በር ይኑር። ያም በር በራሴ እጅ ያለ ነገር መሆን አለበት። የሥራ አስኪያጁን ፊርማ ቃል መግባት አልችልም፤ ሰነዱን አዘጋጅቼ ማቅረብ ግን እችላለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ያው ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ረቡዕ ጠዋት ነበር፤ ጉዞው ዓርብ ነው። አሁንም እንደ ቀደመው ሁሉ በስማቸው ያልተዘጋ የ18,000 ብር ሂሳብ አለ፤ የ15,850 ብር ደረሰኝ ገብቷል፣ የ2,150 ብሩ ጎድሏል። ብድግ ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው። የመጡበትን ጉዳይ እስኪጨርሱ አላቋረጥኳቸውም። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ጋሼ፣ ዓርብ መውጣት እንዳለብዎ ገብቶኛል። አሁን ግን ልሰጥዎ አልችልም፤ የባለፈው ጉዞ ሂሳብ 2,150 ብር ይቀረዋል። ደረሰኙ ካለ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ከሌለም ብሩን ገቢ ያድርጉና የገቢ ደረሰኝ እቆርጥልዎታለሁ። ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ከተዘጋ፣ አዲሱን የክፍያ ሰነድ ዛሬውኑ አዘጋጅቼ ለፊርማ አቀርባለሁ።»

«ፊርማውስ?» አሉ።

«እሱ የኔ አይደለም፣ ጋሼ። ሥራ አስኪያጁ ነገ ጠዋት ቢሮ እንዳሉ ግን ጸሐፊዋን ጠይቄያለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ «በጣም ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» እያልኩ ብደጋግም ለክርክር በር መክፈት ይሆንብኝ ነበር።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። ከነዳጅ ማደያው የ1,400 ብር ደረሰኝ አግኝተዋል፤ የቀረውን 750 ብር ከኪሳቸው ቆጥረው ሰጡኝ። የገቢ ደረሰኙን ቆርጬ ስሰጣቸው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ የሹፌሮቹን ደረሰኝ ሰኞ በቀን በቀኑ ለይቼ አመጣልሻለሁ» አሉኝ።

ያን ሰኞ የመጣው ፖስታ ላይ ግልባጭ የሚል ነገር አልነበረም።